ስልሳ አንደኛዋ ቁልፍ

ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ትርፍ የሚለውን ቃል የማውቀው ከሚኒባስ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሳለ ረዳቱ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ" እያለ የሚጨምረው ሰው ትርፍ ይባላል። ትርፍ የሆነ ሰው በግማሽ ጎኑ ይቀመጣል፣ ትራፊክ ሲታይ ጎንበስ ይላል፣ ሒሳቡን ግን እንደ ማንም ሰው ሙሉ ይከፍላል። ከቤይሩት ተመልሼ ወንድሜ ቤት ስገባ ራሴን ያገኘሁት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

መንግሥት ተለውጦ የዓረብ አገሩ መንገድ ሲከፈት ከሄዱት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ኖርኩ። እናቴም አባቴም እኔ እዚያ እያለሁ ሞቱ፤ የሁለቱንም ለቅሶ በሰው ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ድምፄን አፍኜ ተቀመጥኩ። ስመለስ የወንድሜ ልጆች "እንግዳዋ መጣች" ብለው በር ከፈቱልኝ። ሚስቱ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ትመለሻለሽ አይደል?" ትለኛለች። ወዴት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። የላከኝ ደላላም ከሰፈር ስንገናኝ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ እንዲያውም ቪዛሽን በሁለት ሳምንት አስጨርስልሻለሁ ይለኛል።

አልመለስም ብዬ ነው አንሶላ ሱቅ የከፈትኩት። ዱባይ ተራ፣ አዲስ ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ምድር ቤቱ ኪራዩ የሚቀመስ አልነበረም። መደርደሪያ አሠርቼ፣ ዕቃዬን ሞልቼ ስጨርስ በባንክ ደብተሬ ላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ቀረኝ። ከሰባት ዓመት የተረፈኝ ያ ነበር። እሱ ካለቀ ደላላው አለ።

ፊት ለፊቴ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ከመርካቶ ሌላ አድራሻ የሌላቸው ሰው ናቸው። ቁልፎቹን በየመልካቸው በቆርቆሮ ጣሳ ይደረድራሉ። የከፈትኩ ቀን መጥተው አንሶላውን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና፣

"ስንት ገባልሽ?" አሉኝ።

"ከነማስጫኛውና ከነፌስታሉ ሰባ ብር፣ ጋሼ።"

"ስንት ልትሸጪው?"

"መቶ ዐሥር ጠርቼ በመቶ ልለቀው። ሠላሳ ብር ትርፍ አለው።"

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቀነቀው።

"የምን ትርፍ? እሱን ትርፍ አትበዪው። ገና የሱቁ ነው። ሳትሸጪም የምትከፍይውን ንገሪኝ እስቲ።"

ቆጠርኩላቸው። ኪራይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ዘበኛና መብራት አንድ መቶ። የዓመቱ ግብር ለዐሥራ ሁለት ሲካፈል አንድ መቶ።

"አንቺስ? አትበይም?"

ለወንድሜ ቤት የምሰጠውንና የታክሲዬን አራት መቶ ጨመርኩ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ መጣ። አንድ አንሶላ ብትሸጪም፣ ሺህ ብትሸጪም፣ ይቺ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አትንቀሳቀስም አሉኝ። ከዚያ ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ስልሳ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ቆጥረው በጣሳ አመጡልኝ፤ ሌላ ባዶ ጣሳም አብረው ሰጡኝ።

"አንድ አንሶላ በሸጥሽ ቁጥር አንዷን ወደ ባዶው አሻግሪ። ሠላሳ ብር ሲባዛ በስልሳ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ነው። ወሩ ሳያልቅ ይሄኛው ጣሳ ባዶ ከሆነ ሱቅሽ ራሱን ቻለ ማለት ነው። ትርፍ የሚባለው ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ነው።"

የሰማሁት ቀላል ነገር ነበር፤ ለምን እንባዬ እንደመጣ አላውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ምን እንደምበላ ሒሳብ ውስጥ ያስገባ ሰው አልነበረም መሰለኝ።

የግንቦት ወር በዝምታ አለፈ። ዝምታ ስል ቀልዴን አይደለም። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እዚያ ዝም ያለ ቦታ አለ ብሎ አያምንም፤ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አለ። ታች "ጎን ጎን! ጎን ጎን!" የሚል ተሸካሚ፣ የመኪና ጡሩምባ፣ የካሴት ሻጭ ጩኸት፤ ላይ እኔና አንሶላዎቼ። በቀን ሁለት ሰው ቢገዛኝ ነው። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ኮቴው ሲያልፍ አጥፌ የጨረስኩትን አንሶላ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ። ሽማግሌው ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው፤ ልብስ ሰፊዎች ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሱባቸዋል። አንዳንድ ቀን ከ"እንደምን አደሩ" እስከ "ደህና ይደሩ" ድረስ ከሰው ጋር አላወራም ነበር።

ወሩ ሲያልቅ አርባ አራት ቁልፍ ተሻግሮ ዐሥራ ስድስት ቀረ። አራት መቶ ሰማንያ ብር ከባንክ አወጣሁ።

"ዋጋ ልቀንስ ነው" አልኳቸው። "በሰማንያ አምስት ብሸጥ ሰው ይጎርፋል።"

"ይጎርፍ ይሆናል። ከአንዱ ላይ ስንት ይቀርሻል?"

"ዐሥራ አምስት።"

"ዋጋው የወረደው በዐሥራ አምስት ብር ነው። ቁልፉ ግን እጥፍ ነው የሚሆነው፤ አንድ መቶ ሃያ። መቶ ሃያ ሰው ይሄን ደረጃ ይወጣል?"

በሃያ ስድስት የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን አምስት እንኳ አይሞላም ብዬ ተከራከርኳቸው። ሒሳቤ ልክ ነበር። ያልነገርኳቸው ሌላውን ነው። የፈለግኩት መቶ ሃያ ሽያጭ ሳይሆን መቶ ሃያ ሰው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ለራሴም አልነገርኩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስልሳ ቁልፍ ጨመሩልኝ። እኔም ካርቶን ቀድጄ በትልቁ "ቁርጥ ዋጋ 85 ብር" ብዬ ጻፍኩና ደረጃው ሥር ሰቀልኩ። ቤይሩት ሱፐርማርኬት ውስጥ ዋጋ ከተጻፈ ተጻፈ ነው፤ እመቤቴ እንኳ፣ ያቺ በሁሉ ነገር የምትጨቃጨቅ ሴት፣ እዚያ ዝም ብላ ነበር የምትከፍለው። አገሬም በሰባት ዓመት የተለወጠ መስሎኝ ነበር።

ሰው መጣ፣ እውነቴን ነው። ሰኔ ላይ ሱቄ ሱቅ መሰለ። ሴቶች ሦስት አራት ሆነው ይመጣሉ፣ አንሶላውን ዘርግተው ወደ ብርሃኑ ያነሡታል፣ "ቀለሙ ይለቅ ይሆን?" ይባባላሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፣ ስለ ባሎቻቸው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። አንዲት ቀጠን ያለች፣ ሰፈር ውስጥ ለዱቤ ገዢ የምታከፋፍል ሴት ነበረች፤ በሳምንት ሁለቴ ትመጣና አራት አምስት ትወስዳለች። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻሻለች። "እህቴ" ነው የምትለኝ። "ደክሞኛል እህቴ፣ እስቲ ትንሽ ልረፍ።" እሷ የምትመጣበትን ቀን ማክሰኞና ዓርብ ብዬ አውቄው ነበር፤ ማክሰኞና ዓርብ ጸጉሬን ተሠርቼ እመጣ ነበር።

እና ቁርጥ ዋጋ የሚለውን ማንም አላነበበውም ማለት አይደለም። አነበቡት። መርካቶ ውስጥ ቁርጥ ማለት ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል ማለት ነው። "ሰማንያ አምስት ቁርጥ ከሆነ፣ በሰማንያ ስጪኛ!" ይሉኛል፣ ነገሩ እንዳልገባኝ አይተው እያዘኑልኝ። ለአንዷ ሰማንያ ሦስት፣ ለአንዷ ሰማንያ ሁለት። ጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን አይመለስም ተብሎ ሰማንያ። ቀጭኗ ሴት "እህቴ፣ ለእኔማ ሰማንያ ይሁንልኝ" ስትል ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ሰባት ዓመት ሙሉ እህቴ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰኔ ሠላሳ ቁልፎቹን ቆጠርኩ። ዘጠና ስምንት ተሻግሯል። ሃያ ሁለት ብቻ ነው የቀረው! ሃያ ሁለት በዐሥራ አምስት ሦስት መቶ ሠላሳ ብር፤ ከግንቦት የተሻለ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ብሩን ስቆጥር ግን የጎደለው ስድስት መቶ ሃያ አራት ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው። ሌባ ገብቶ ይሆን ብዬ መደርደሪያው ሥር ሳይቀር ፈለግኩ።

ሽማግሌው የሽያጭ ደብተሬን ተቀብለው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አነበቡ። ሌባ የለም አሉ።

"የጠራሽውን ዋጋ ነው የቆጠርሽው። የተቀበልሽውን ቁጠሪ። ያንቺ ሰማንያ አምስት፣ ሲደማመር ሲካፈል ሰማንያ ሁለት ነው። የሚቀርሽ ዐሥራ አምስት አይደለም፣ ዐሥራ ሁለት ነው።"

ሦስት ብር ምን ታደርጋለች? እኔም ያልኩት እሱን ነው። ከሰማንያ አምስት ላይ ስትነሣ ትንሽ ናት አሉኝ፤ ከዐሥራ አምስት ላይ ስትነሣ ግን አምስተኛው እጅ ናት። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ለዐሥራ ሁለት ሲካፈል አንድ መቶ ሃምሳ። ሠላሳ ቁልፍ ቆጥረው ጣሳው ውስጥ ጨመሩ፤ ጣሳው ሞልቶ ሊፈስ ደረሰ።

"ግንቦት ላይ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አርባ አራት ሸጥሽ፤ ለሱቁ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ብር አስገባሽለት። ሰኔ ላይ ከእጥፍ በላይ ሸጠሽ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ስድስት። ግንቦት ላይ የነበርሽበት ለመድረስ ብቻ መቶ ዐሥር መሸጥ ነበረብሽ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ቢሆንም ሐምሌንም በዚያው ዋጋ ቀጠልኩ። ሽማግሌው አልከለከሉኝም፤ የሰውን ሱቅ ሰው አያዝበትም ብለው ያምናሉ። እኔ ለራሴ፣ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ነው፣ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል እያልኩ አወራ ነበር። እውነቱ ግን ማክሰኞና ዓርብን መተው አቅቶኝ ነው። ሐምሌ ላይ መቶ ሦስት ሸጥኩ፤ አምስት መቶ ስልሳ አራት ብር ከኪሴ ሞላሁ። የባንክ ደብተሬ ላይ ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ብር ቀረ። አንድ ወር፣ ቢበዛ አንድ ወር ተኩል ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ዝናቡ ደረጃውን እንደ ወንዝ ሲወርድበት፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሒሳብ ሠራሁ። ማንም አላስተማረኝም። ከመቶ ወደ ሰማንያ ሁለት ሲወርድ ዐሥራ ስምንት ብር ነው። እያንዳንዷ በሬን አልፋ የገባች ገዢ፣ ለሣቋ፣ ለወሬዋ፣ እህቴ ስላለችኝ፣ ዐሥራ ስምንት ብር ከፍዬያታለሁ። ለቀጭኗ ሴት ሃያ። ያ ሁሉ ጨዋታ ነጻ መስሎኝ ነበር። ያን ያህል ከፍዬ፣ ገንዘቤ ሲያልቅ የምመለሰው ደግሞ ማንም ስሜን ጠርቶ ወደማያውቅበት ቤት ነው። አለቀስኩ። አንሶላ ሻጭ ስለሆንኩ ማበሻ አላጣሁም።

ነሐሴ አንድ ቀን ካርቶኑን ቀድጄ ጣልኩት። መቶ ዐሥር መጥራት ጀመርኩ፣ ከመቶ አልወርድም አልኩ። ለሽማግሌው ትርፉን ቁልፍ ልመልስ ወሰድኩላቸው። ዘጠናውን ቆጠሩ፤ አንዷን መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቴን አጠፉልኝ።

"ይቺን ያዣት። ስልሳው ካለቀ በኋላ በምትሸጪው ላይ አሻግሪያት። እሷ ናት ትርፍ። እሷን ስታሻግሪ ንገሪኝ፤ እኔ አለሁ።"

ማክሰኞ ቀጭኗ ሴት መጣች። ዋጋውን ስነግራት ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት።

"እህቴ፣ በሰማንያ ነው የምወስደው እኮ።"

"መቶ ነው፣ እህቴ።"

ጫማዋን አላወለቀችም። "በይ እንግዲህ" አለችና ወጣች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሌላ አንሶላ ሻጭ አለ፤ እዚያ ገብታ፣ "እህቴ፣ ደክሞኛል፣ እስቲ ትንሽ ልረፍ" ስትል ሰማኋት። አልተቀየምኳትም። እሷም የራሷ ጣሳ አላት፤ በመቶ ገዝታ ለዱቤ ገዢ ምን ጨምራ ትሸጣለች? ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ማክሰኞ ሳላስበው ጸጉሬን ተሠርቼ እመጣ ነበር።

ዝምታው ተመለሰ። ነሐሴ ላይ በየቀኑ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሰው። ቁልፏን ጠብ ሳደርጋት የጣሳው ድምፅ ራሱ ጓደኛ ሆነኝ። ሃምሳ አምስት ደረስኩ፤ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ብቻ ጎደለኝ። ይኸው፣ በሰማንያ ሁለቱ ዋጋ ከሸጥኩት በግማሽ አካባቢ ሸጬ ኪሳራዬ ሩቡን ያህል ሆነ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለማን ይወራል? ወንድሜ ቤት "ዛሬ ገበያ እንዴት ነው?" ብለው ሳልመልስ ወደ ቴሌቪዥናቸው ይዞራሉ።

ከዚያ ጳጉሜ መጣች። ኪራይ የማይጠየቅባት የእግዜር ስጦታ ናት። ሰው ለአዲስ ዓመት አልጋውን አዲስ ያለብሳል፤ ደረጃው በኮቴ ተንቀጠቀጠ። ጳጉሜን ለመስከረም ደመርኳት። በዓሉ ካለፈ በኋላም የመስቀል ገበያ ቀጠለ፤ ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ሰዎች ለእናቶቻቸው አንሶላ ይገዙ ነበር፣ ሲቸኩሉም ብዙ አይከራከሩም። ሽማግሌውም ሁለት ገዙኝ። መቶ መቶ ብር ከፈሉ፤ ልቀንስ ስል ተቆጡኝ።

"የእኔም ቁልፍ ተሻግራለች፣ አይደል?" አሉና መስከረም ዐሥራ ሁለት ሱቃቸውን ቆልፈው ለመስቀል አገራቸው ገቡ።

ዐሥራ አራት ቀን ጠዋት ጣሳው ባዶ ሆነ። ስልሳ። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ወታደር ደረጃውን ወጥቶ መጣ፤ ለእናቱ ነው፣ ነጭ ይሁን አለኝ። መቶ ብር ቆጥሮ ሰጠኝ፤ አመሰገነኝና ሄደ። ያቺን ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስልሳ አንደኛዋ። ወሩ ገና ግማሹ ነው፤ ኪራዩ፣ ዘበኛው፣ ግብሩ፣ እንጀራዬ ሁሉ ተከፍሏል፤ ደላላው ይጠብቅ። የዚህ አንሶላ ሠላሳ ብር የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ የሚለው ቃል ለእኔ መጣልኝ እንጂ እንደ ሚኒባሱ እኔን ትርፍ አላደረገኝም።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የሽማግሌው በር ተዘግቷል። የጎረቤቶቹም ተዘግቷል፤ ለመስቀል ያ ፎቅ ጭር ነው የሚለው። ሁሉም አገር አለው፣ ሁሉም እናት ጋ ሄዷል። እጄ ላይ አንዲት ነጭ ቁልፍ ይዤ ቆሜ፣ የምነግረው ሰው አጣሁ። ጮክ ብዬ "ስልሳ አንድ!" አልኩ። ግድግዳው መለሰልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ቁልፏን በብረት በሩ ሥር ወደ ውስጥ ገፋኋት። እርሳቸው ሲመለሱ ያይዋታል፣ ይገባቸዋል ብዬ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ ተመለሱ። በሬ ላይ ቆሜ ሲከፍቱ አየኋቸው። በሩን ወደ ላይ ሰቀሉ፣ ቁልፏ እግራቸው ሥር ነበረች፤ ጎንበስ ብለው አነሷት፣ አቧራዋን እፍ አሉና ሳያይዋት ከነጮቹ ጣሳ ውስጥ ጣሏት። ለቁልፍ ነጋዴ የወደቀች ቁልፍ ምንድን ናት? ይሄንንም ቢሆን ሳልነግራቸው ልተወው ነበር።

"ስንት ደረስሽ?" አሉኝ፣ ጋቢያቸውን እያወለቁ።

"መስከረምን በሰባ አራት ዘጋሁ።"

"ጎሽ! ስልሳ አንደኛዋንስ ለማን ነገርሽ?"

"ለበርዎ" አልኳቸው።

አልገባቸውም ነበር። ከዚያ ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጣሳውን አዩ። ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። መቶዎች፣ ምናልባት ሺዎች፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባለ አራት ቀዳዳ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመሩ። አንድ ልብስ ሰፊ ዚፕ ሊገዛ መጣ፤ "ቆይ" አሉት። ያ ሰው ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። እንደዚያ ሆኖ ለእኔ ሲባል ገዢ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ አንዷን አነሱና በጋቢያቸው ጠርገው ሰጡኝ።

"ይቺ ናት" አሉ።

አለመሆኗን እርሳቸውም እኔም እናውቃለን። ተቀበልኳቸው።